«ፍሬን እምቢ አለኝ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት፦ የመኪና አደጋ ቃል ለኢንሹራንስ እንዴት ይጻፋል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ የካሳ ጥያቄ በምቀበልበት ጊዜ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ይህን ጽፎ አመጣልኝ፦

«ከቡሬ በቆሎ ጭኜ ወደ ማርቆስ ስመጣ ከብት ገባብኝና ፍሬን እምቢ ብሎኝ ሚኒባስ ገጨሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናው ተጎድቷል።»

ሰውየው አልዋሸም። ነገር ግን ይህ ቃል እንዳለ ወደ ካሳ ክፍል ቢሄድ ኖሮ ባለቤቱ አንድ ብር ላያገኝ ይችል ነበር። ምክንያቱ «ፍሬን እምቢ ብሎኝ» የሚሉት ሦስት ቃላት ናቸው። በሾፌሮች አነጋገር ይህ ማለት «ረገጥሁ፤ መኪናው ግን አልቆመልኝም» ማለት ነው። ካሳ ክፍል የተቀመጠው ሰው ግን «ፍሬኑ ተበላሽቶ ነበር» ብሎ ያነበዋል። አብዛኛው የመኪና ኢንሹራንስ ውል ደግሞ መኪናውን በደህና ይዞታ የመጠበቅ ግዴታን ባለንብረቱ ላይ ይጥላል፤ የሜካኒክ ብልሽትንም ከሽፋኑ ያስወጣል። ስለዚህ በእርጥብ አስፋልት የተንሸራተተ ጤነኛ መኪና በወረቀት ላይ ፍሬን የሌለው መኪና ይሆናል።

ሾፌሩን አስቀምጬ ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፣ ስትረግጠው ፔዳሉ ምን ሆነ? እስከ ወለሉ ሰመጠ ወይስ ጠንክሮ ቆመ?»

«ኧረ ጠንክሮ ነው የቆመው። ጎማው ነው ያልያዘልኝ። መሬቱ ጭቃ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልጻፍኸውም?»

«ያው አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ያው አይደለም። ከዚህ በታች የማስረዳው የአጻጻፍ ደረጃ ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይነሳል፤ ያዩትንና የተሰማዎትን ይጽፋሉ እንጂ የደረሱበትን መደምደሚያ አይጽፉም። የዚህን ሾፌር አደጋ እስከ መጨረሻው ይዤ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረግጥ። ፔዳሉ በእውነት እስከ ወለሉ ሰምጦ ከነበረ «ሰመጠ» ብለው ይጻፉ። መኪናው በገማች ይመረመራል፣ ፍሬኑም ይሞከራል፤ ውሸት የተገኘበት ቃል ደግሞ እውነት የሆነውንም ክፍል ይዞ ይወድቃል። ይህ መመሪያ እውነቱን ሳያዛቡ ለመጻፍ እንጂ እውነቱን ለመሸፈን አይረዳም።

በመንገዱ ላይ፦ ከመጻፍ በፊት የሚደረገው

የቆሰለ ሰው ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስና ፖሊስ መጥራት ይቀድማል። የቆሰለ ሰው ለማንሳት ካልሆነ በቀር የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ሳያነሳ መኪናውን ከቆመበት አያንቀሳቅሱት። የግድ ከሆነ ከማንቀሳቀስዎ በፊት በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ አድርገው ቦታውን ምልክት ያድርጉ፤ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ ያንሱ። ወደ አደጋው ለሚመጡ መኪኖች ማስጠንቀቂያ የሚሆነውን ሦስት ማዕዘን ከሌለዎት እንደ ልማዳችን ቅጠል ቆርጦ በሁለቱም አቅጣጫ ማድረግ ይቻላል። ሲጨርሱ ግን ድንጋዩንም ቅጠሉንም ያንሱ። በጎጃም መንገድ ላይ ከአንድ አደጋ የተረፈ ድንጋይ በማታ ሌላ አደጋ ሲያመጣ አይቻለሁ።

ፎቶ ሲያነሱ አብዛኛው ሰው የተሰበረውን መብራት ብቻ ደጋግሞ ያነሳል። የተሰበረው መብራት ነገም እዚያው ነው። ነገ የማይገኘውን ያንሱ፤ ጭቃውን፣ ጎማው የተንሸራተተበትን መስመር፣ የውሃ ኩሬውን፣ የከብቶቹን ኮቴ፣ የመንገዱን ኩርባ ከሾፌሩ መቀመጫ ከፍታ ሲታይ። በክረምት አንድ ዝናብ ከጣለ ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል።

ሽማግሌዎች ሲመጡ

ይህን ለብቻው የማነሳው በጎጃም ገጠር መንገድ ላይ ብዙ የካሳ ጥያቄ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። አደጋው በደረሰ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የአካባቢው ሽማግሌዎች ይደርሳሉ። መምጣታቸው መልካም ነው፤ ጠብ ያበርዳሉ፣ የቆሰለውን ያነሳሉ፣ ንብረት እንዳይዘረፍ ይጠብቃሉ። የእኛ አይሱዙ አንዲት ጊደር ገጭቶ ነበርና ሽማግሌዎቹ «ልጄ፣ የጊደሯን ዋጋ ክፈል፤ ከሚኒባሱም ጋር ይቅር ተባባሉና ሂዱ፤ ፖሊስ ምን ያደርጋል» አሉት።

ይቅር መባባሉ አይከፋም። ችግሩ ወረቀቱ ነው። ኢንሹራንስ ካሳ ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛ ከሆነው ሌላ ወገን ላይ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው። እርስዎ «ከእንግዲህ አንጠያየቅም» ብለው በእርቅ ወረቀት ላይ ከፈረሙ ያን መብት ኢንሹራንሱን ሳይጠይቁ ሰጡበት ማለት ነው። «እከፍላለሁ» ብለው ከፈረሙም ኢንሹራንሱ ያልተስማማበትን ዕዳ ተቀበሉ፤ አብዛኛው ውል ይህን በግልጽ ይከለክላል። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «አባቶቼ፣ እርቁን እቀበላለሁ፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ኢንሹራንስ ስለሆነ ፖሊስ ሳያየውና እነሱ ሳይሰሙ መፈረም አልችልም።» የከብቱን ባለቤት ስምና ቀበሌ፣ ሊመሰክሩ የፈቀዱ የሁለት ሰዎችንም ስምና ስልክ ይያዙ። የሾፌሩ ረዳት ምስክር ይሆናል፤ ነገር ግን በመኪናው ውስጥ ያልነበረ፣ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ቃል የበለጠ ይከብዳል።

ሰዓቱን መጻፍ

ቀላል ይመስላል፤ ብዙ የሚሳሳቱት ግን እዚህ ነው። «4:40» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ። ጠዋት ነው፣ ማታ ነው ወይስ ከስልኩ ላይ የገለበጠው የውጭ ሰዓት ነው? የአይሱዙው አደጋ የደረሰው ከቀኑ 10:40 ነበር፤ የስልኩ ፎቶ ላይ የሚታየው ግን 4:40 ነው። ቃሉ ላይ 4:40፣ የፖሊስ ሪፖርቱ ላይ 10:40 ከተጻፈ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህን ለማስተካከል ሳምንታት ይፈጃል።

ስለዚህ ሙሉውን ይጻፉ፤ ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የቀኑን ክፍልና ሰዓቱን። «ሐሙስ ነሐሴ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10:40 ገደማ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር።» ፎቶዎችን ስታያይዙም ከሥራቸው «በስልኩ ላይ 4:52 የሚለው በእኛ ከቀኑ 10:52 ነው» ብሎ አንድ መስመር መጨመር ይጠቅማል። የስልኩ ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሆን ነሐሴ 12 በስልኩ ላይ ኦገስት 18 ሆኖ ይታያል፤ ያንንም ይግለጹ።

ደቂቃውን እንዴት ያውቁታል? በአደጋ ሰዓት ማንም ሰዓቱን አያይም። ከሚያውቁት ነገር ተነስተው ያስሉት። ሾፌራችን ከደምበጫ መናኸሪያ ሲነሳ 10:30 እንደነበር ያስታውሳል፤ እስከ አደጋው ቦታ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል። ለባለቤቱ የደወለበት ሰዓት ደግሞ ስልኩ ላይ ተመዝግቧል፤ 4:46 ይላል፤ በእኛ 10:46 ማለት ነው። አደጋው በሁለቱ መካከል ነው። ቃሉ ላይም ይህንኑ መነሻ መጻፍ ነው፤ «10:40» ብቻ ከማለት «ከደምበጫ በ10:30 ተነስቼ፣ ለባለቤቱ በ10:46 ከመደወሌ በፊት» ማለት አንባቢው ራሱ እንዲያረጋግጠው ያደርገዋል።

የመንገዱን ሁኔታ መጻፍ

«መንገዱ መጥፎ ነበር» ምንም አይናገርም። የመንገዱ ሁኔታ በአምስት ጥያቄ ይሸፈናል፤ የመንገዱ ዓይነት (አስፋልት፣ ጠጠር፣ ኮረኮንች)፣ ቅርጹ (ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ኩርባ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ)፣ የላዩ ሁኔታ (ደረቅ፣ እርጥብ፣ ጭቃ፣ አሸዋ)፣ የሰማዩ ሁኔታ (ዝናብ፣ ጉም፣ ፀሐይ ፊት ለፊት) እና ምን ያህል ርቀት ይታይ እንደነበር።

ከእነዚህ ውስጥ በእኛ አካባቢ በደንብ ሊጻፉ የሚገባቸው ጭቃና ጉም ናቸው። በክረምት ከገጠር መንገድ ወደ አስፋልቱ የሚገባው ጋሪና ከብት ቀይ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልቱ በሌላው ቦታ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የጋሪ መንገድ በሚገናኝበት ሃያ ሠላሳ ሜትር ላይ ግን እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ሾፌሩ ሳይጠብቀው የሚገባበት እዚያ ነው። በእንጅባራና በጢሊሊ በኩል ደግሞ ጉሙ በአንድ ጊዜ ሊወርድ ይችላል። «ጉም ነበር» አይበቃም፤ «ከፊቴ የሚሄደው መኪና የኋላ መብራት በግምት ከ30 እርምጃ በላይ አይታየኝም ነበር» ቢሉ ሌላ ሰው ይገባዋል።

ርቀትን በሜትር የሚለካ መሣሪያ ባይኖርዎት በእርምጃ ይለኩ። የአዋቂ ሰው እርምጃ ሦስት አራተኛ ሜትር ያህል ነው፤ 30 እርምጃ ወደ 22 ሜትር ይጠጋል። ተራምደው ሲለኩ ሌላ ሰው ይይልዎት፤ ቁጥሩን እዚያው ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

የፍጥነት ነገርም እዚህ ይገባል። «በዝግታ እየነዳሁ» የሚለውን ማንም አያምንም፤ ሁሉም ሾፌር በዝግታ ነው የሚነዳው። የነበሩበትን ማርሽና የፍጥነት መለኪያው ላይ ያዩትን ይጻፉ። ካላዩት «በግምት» ይበሉ። ከዚያ የጻፉትን ቁጥር ከርቀቱ ጋር ያስተያዩት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል፤ እግርዎ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ያህል አልፏል። በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ከዚያ በኋላ ለመቆም ቢያንስ 15 ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከብቶቹን በ22 ሜትር ርቀት ያየ ሾፌር በዚያ ፍጥነት ሊቆም አይችልም፤ የአይሱዙው ታሪክም ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል። «በ80 ሜትር አየኋቸው፤ በ40 ነበር የምሄደው፤ ግን መቆም አልቻልሁም» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ገማቹ ወይ ፍጥነቱን ወይ ርቀቱን ይጠረጥር ነበር፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ይሆን ነበር።

የሆነውን በቅደም ተከተል መጻፍ

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ታሪኩን ከግጭቱ አይጀምሩ። ነገሩ ገና ጤነኛ ከነበረበት ቅጽበት ይጀምሩና በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት ብቻ ይጻፉ። ማን፣ ከየት፣ ወደ የት፣ ምን አደረገ። «ከዚያ» እያሉ ይሂዱ፤ ውበት አይፈለግም። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «እና» እና «ስለሆነ» ሲበዛ ቅደም ተከተሉ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ በግራና በቀኝ ላይ አይሳሳቱ። ሁልጊዜ ሾፌሩ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት እያየ እንደሆነ አድርገው ይቁጠሩ። ለሚኒባሱም እንዲሁ የራሱን ሾፌር ግራና ቀኝ ይጠቀሙ። ቆመው ፊት ለፊት እያዩ የሚጽፉ ሰዎች ግራውን ቀኝ ያደርጉታል፤ በኋላ ቃሉ «ቀኝ መብራት» ሲል መኪናው ላይ የተሰበረው ግራው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ወይም «ጥፋቱ የሱ ነው» አይጻፉ። ሾፌራችን ይህን የጻፈው ቅን ሰው ስለሆነ ነው፤ በልቡ ያለውን ነው ያወጣው። ነገር ግን ጥፋተኛ ማን እንደሆነ የሚወስነው የፖሊሱ ምርመራና አስፈላጊ ሲሆን ፍርድ ቤት ነው። እርስዎ የሚያውቁት ያደረጉትን ነው። «መስመሬን አልፌ ወደ ግራ ሄድሁ» ማለት እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ነው፤ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት ግን ፍርድ መስጠት ነው።

አራተኛ፣ ያላዩትን አይጻፉ። ባለቤቱ ባሕር ዳር ተቀምጦ የሰማውን እንዳየ አድርጎ የጻፈበት ቃል ብዙ ጊዜ ደርሶኛል። ቃሉን የሚሰጠው የነዳው ሰው ነው። መጻፍ የማይችል ሾፌር ከሆነ ሌላ ሰው እሱ እንደተናገረው ይጽፍለታል፤ ተነቦለት ትክክል ነው ካለ በኋላ በሁለት ምስክሮች ፊት የጣት አሻራውን ያኖራል። ከመጨረሻው ላይም «ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ» የሚል ይጻፍ።

ለፖሊስ የሰጡት ቃልና ይህ ቃል መስማማት አለባቸው። ለፖሊስ የተናገሩትን ቃል በቃል መገልበጥ አያስፈልግም፤ ሰዓቱ፣ አቅጣጫው፣ የተሳፋሪው ቁጥርና የጭነቱ መጠን ግን አንድ ይሁን። ጋቢና ውስጥ ሦስት ሰው ነበር ወይስ አራት? ጭነቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር? እነዚህን የሚደብቅ ሾፌር ብዙ ነው፤ የሚኒባሱ ሾፌርና ተሳፋሪዎች ግን ለፖሊስ ይናገራሉ።

ጉዳቱን መዘርዘር

«መኪናው ተጎድቷል» ካሳ አያስገኝም። ከፊት ግራ ማዕዘን ይጀምሩና መኪናውን አንድ ጊዜ ዙረው ወደ መጡበት ይመለሱ። በየደረስዎበት ዕቃውን በሚታወቅበት ስሙ ይጥሩት፤ ፓራውልት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ፓራብሬዝ፣ ቸርኬ፣ ባሊስትራ። ከስሙ ቀጥሎ ምን እንደሆነ ይጻፉ፤ ተሰበረ፣ ተሰነጠቀ፣ ታጠፈ፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ተጫረ፣ ተነቀለ። «ተበላሸ» የሚለውን ቃል ይተዉት፤ ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለውን አይለይም።

ገማች መጥቶ መኪናውን ሲያይ የሚያደርገውን ማወቅ እዚህ ይረዳል። እያንዳንዱን ጉዳት ይዞ «ይህን ያመጣው ከተጻፈው ታሪክ ውስጥ የትኛው ድርጊት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ታሪክ ውስጥ ባለቤት የሌለው ጉዳት የድሮ ጉዳት ተደርጎ ይቆጠራል። የሾፌራችን የመጀመሪያ ቃል «ሚኒባስ ገጨሁ» ብቻ ስለሚል የግራ መብራቱ ጉዳት ለገማቹ ይገባዋል፤ የተሰበረው የቀኝ ባሊስትራና የታጠፈው የቀኝ ቸርኬ ግን ከየት መጡ? ቦይ ውስጥ መግባቱን ረስቶታል። እንደረሳው ቢቀር ኖሮ ከጉዳቱ ሁሉ የውዱን ካሳ ሊያጣ ነበር።

ስለዚህ ጉዳቱን ዘርዝረው ሲጨርሱ ወደ ታሪኩ ተመልሰው እያንዳንዱ ጉዳት ምክንያት እንዳለው ይፈትሹ። ከአደጋው በፊት የነበረውን ጭረት ወይም ስንጥቅ «ይህ የቆየ ነው» ብለው ራሳቸው የሚጽፉ ሰዎች ሌላው ቃላቸውም ይታመናል። ውስጡ ተፈትቶ ካልታየ የማይታወቅ ጉዳት ስላለ መጨረሻው ላይ «በውስጥ ያለ ጉዳት ሲፈታ ተለይቶ ይታወቃል» የሚል ይጨመር። ገማቹ ሳያየው ግን ጋራዥ እንዳያስፈቱት፤ የወደቁትንም ስብርባሪዎች አይጣሉ። የጭነቱ ጉዳት፣ የሚኒባሱ ጉዳትና የጊደሯ ሞት በየራሳቸው ርዕስ ይለዩ፤ የሚታዩት በተለያየ የሽፋን ክፍል ነውና።

ሾፌሩ በመጨረሻ የጻፈው

ከላይ ያለውን ሁሉ እየጠየቅሁት፣ እሱ እየመለሰ፣ በገዛ እጁ ይህን ጻፈ፤ ስሞቹንና ቁጥሮቹን ትቼዋለሁ።

«ሐሙስ ነሐሴ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቀኑ 10:30 ላይ ከደምበጫ መናኸሪያ ተነስቼ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድሁ ነበር። መኪናው 32 ኩንታል በቆሎ ጭኗል። ጋቢና ውስጥ እኔና ረዳቴ ነበርን። ጭነቱ ላይ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ከግማሽ ሰዓት በፊት አባርቷል። ብርሃን ነበር። አስፋልቱ እርጥብ ነበር። ከደምበጫ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድሁ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ሆኖ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከኩርባው ላይ በቀኝ በኩል የጋሪ መንገድ ይገናኛል። በዚያ ቦታ አስፋልቱ ላይ ቀይ ጭቃ ነበር፤ ርዝመቱን በኋላ ስለካው 35 እርምጃ ሆነ።

በ3ኛ ማርሽ፣ በግምት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ ነበር። ከ30 እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አራት ከብቶች ከቀኝ በኩል ከጋሪ መንገዱ ወደ አስፋልቱ ሲገቡ አየሁ። ጥሩምባ ነፋሁ። ፍሬን ረገጥሁ። ፔዳሉ ጠንክሮ ቆመ፤ ጎማዎቹ ግን ጭቃው ላይ ተንሸራተቱ። መኪናው ወደ ግራ ሄዶ የመንገዱን መሃል አለፈ። በዚያን ጊዜ ከማርቆስ በኩል ነጭ ሚኒባስ እየመጣ ነበር። የኔ መኪና የፊት ግራ ማዕዘን የሚኒባሱን የግራ ጎን ከኋላ በር አጠገብ ነካው። መሪውን ወደ ቀኝ መለስሁ። ጎማው ያዘና መኪናው ወደ ቀኝ ሄደ። በፊት ቀኝ በኩል አንዲት ጊደር ገጨሁ። ከዚያ የፊት ቀኝ ጎማ ከአስፋልቱ ወጥቶ በድንጋይ የተሠራው የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገባ። መኪናው እዚያ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። በ10:46 ለባለቤቱ ደወልሁ፤ ረዳቴ ፖሊስ ጠራ። ፕላን እስኪነሳ መኪናው አልተንቀሳቀሰም።

የመኪናው ጉዳት፦ ፊት ግራ መብራት ተሰበረ። ግራ ፍሬቻ ተሰበረ። የፓራውልቱ ግራ ጫፍ ታጠፈ፤ የሚኒባሱ ነጭ ቀለም አለበት። ግራ ስፖኪዮ ተነቀለ። እነዚህ ከሚኒባሱ ጋር በመነካካት የደረሱ ናቸው። የፓራውልቱ ቀኝ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ፤ ይህ ከጊደሯ ነው። የፊት ቀኝ ቸርኬ ታጠፈ። የፊት ቀኝ ባሊስትራ ዋናው ቅጠል ተሰበረ። ሁለቱ ቦይ ውስጥ በመግባት የደረሱ ናቸው። የቀኝ በር ላይ ያለው ጭረት የቆየ ነው። በውስጥ ያለ ጉዳት ሲፈታ ይታወቃል።»

ከመጀመሪያው ቃል ጋር ያስተያዩት። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ጠፍቶ «ፔዳሉ ጠንክሮ ቆመ፤ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ» ሆኗል። «ጥፋቱ የኔ ነው» ጠፍቷል፤ ግን መሃሉን ማለፉ ተጽፏል፤ አልተደበቀም። ገማቹ መጥቶ ፍሬኑን ሲሞክረው ደህና ሆኖ አገኘው፤ ፎቶው ላይም የጭቃው መስመር ይታይ ነበር። ከባሊስትራው ዋጋ ላይ የእርጅና ቅናሽ፣ ከጠቅላላውም በውሉ መሠረት ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ተቀናሽ ተነስቶ ቀሪው ተከፈለ።

ሥዕሉና ማስረከቡ

በአንድ ገጽ ላይ መንገዱን ከላይ እንደሚታይ አድርገው በእጅዎ ይሣሉ። የደምበጫና የማርቆስ አቅጣጫ በቀስት ይጠቆም። መኪኖቹ የነበሩበት፣ የተነካኩበትና የቆሙበት ቦታ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሮቹ ከታሪኩ ቅደም ተከተል ጋር አንድ ይሁኑ። የሚያምር ሥዕል አይጠበቅም። ይህ ፖሊሱ ያነሳውን ፕላን አይተካም፤ ነገር ግን የፖሊስ ሪፖርቱ እስኪደርስ ድረስ ካሳ ክፍሉ ሥራ እንዲጀምር ይረዳዋል።

ለኢንሹራንሱ በዚያው ቀን በስልክ ያሳውቁ፤ በውልዎ ላይ የተጻፈው የማሳወቂያ ጊዜ ሳያልፍም የጽሑፉን ቃል ያስገቡ። ከእሱ ጋር የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ቅጂ፣ ሊብሬው፣ የውሉ ቁጥርና ፎቶዎቹ ይያያዛሉ። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን ሲሰጡ በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት ይጠይቁ።

ከሰጡ በኋላ ስሕተት ቢያገኙ የሰጡትን ወረቀት መልሰው አይሰርዙት። «ተጨማሪ ቃል» ብለው አዲስ ወረቀት ላይ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደተሳሳተና ትክክሉ ምን እንደሆነ ይጽፋሉ፤ ተጨማሪውን ቃል የጻፉበትን ቀን ያሰፍሩና ይፈርማሉ፤ ያንንም በሁለት ቅጂ ያስገባሉ።